ድንገተኛ የቆለጥ ሕመም፦ መጠማዘዝ ነው ወይስ ኢንፌክሽን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተጻፈው ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ወላጆች፣ ለጎረምሶቹ ለራሳቸው፣ እንዲሁም ማታ ተረኛ ሆነው ለሚሠሩ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ነው። የአንድ በኩል ቆለጥ ሲያምና ሲያብጥ ከሚጠረጠሩት ውስጥ ሁለት ሕመሞች ዋነኞቹ ናቸው። አንደኛው በመድኃኒት ይድናል። ሌላው ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ቆለጡ ይሞታል። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሁለቱ ሕመሞች ምንድን ናቸው?

ቆለጥ ወይም የዘር ፍሬ ከረጢቱ ውስጥ የተንጠለጠለው እንደ ገመድ ባለ ነገር ነው። ደም የሚያመጣውም ደም የሚመልሰውም ሥር የሚያልፈው በዚህ ገመድ ውስጥ ነው። አንዳንድ ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ ቆለጣቸው ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር በደንብ አልተያያዘም። ስለዚህ በቀላሉ ይሽከረከራል። ሲሽከረከር ገመዱ ይጠማዘዛል። መጀመሪያ የሚዘጋው ደም የሚመልሰው ሥር ነው፤ ቆለጡ ያብጣል፣ ይጠጥራል። ቀጥሎ ደም የሚያመጣውም ይዘጋል። ሐኪሞች ይህን ቶርሽን ይሉታል።

ሁለተኛው ኤፒዲዲማይተስ ነው። ከቆለጡ ጀርባ የተለጠፈ፣ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ስሙ ኤፒዲዲሚስ ነው። ጀርም በሽንት ቧንቧ በኩል ወደ ኋላ ተጉዞ እዚያ ሲደርስ ቱቦው ይቆጣል፣ ያብጣል። እዚህ ላይ የደም ዝውውሩ አልተዘጋም፤ እንዲያውም ይጨምራል።

በአጀማመሩ መለየት ይቻላል?

ብዙ ጊዜ አዎ። ሐኪም ከሚጠይቀው ሁሉ ትልቁ ጥያቄም ይኸው ነው፤ «መቼ ጀመረህ?»

ቶርሽን የያዘው ልጅ ሰዓቱን ያውቀዋል። «ተኝቼ ሳለ ቀሰቀሰኝ» ይላል፤ ወይም «ኳስ እየተጫወትን ነበር» ይላል። ሕመሙ ሲጀምር ጀምሮ ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሽና ማስመለስ አብሮት ይመጣል። ሽንት ሲሸና አያቃጥለውም፣ ፈሳሽም የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትኩሳትም አይኖረውም።

ኤፒዲዲማይተስ የያዘው ሰው ሰዓቱን መናገር ይቸግረዋል። «ከትናንት ወዲያ ትንሽ ይከብደኝ ነበር፣ ትናንት ባሰብኝ፣ ዛሬ መራመድ አቃተኝ» ይላል። ሽንቱ ያቃጥለዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል። ከብልቱ ፈሳሽ ሊኖረው ይችላል። ትኩሳት ሊኖረው ይችላል።

ዕድሜም ይረዳል። ቶርሽን በብዛት የሚታየው ከ12 እስከ 18 ዓመት ባሉት ላይ ነው። ኤፒዲዲማይተስ ግን በአብዛኛው የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ ወንዶችና የፕሮስቴት ችግር ያለባቸው ትልልቅ ሰዎች ሕመም ነው። ስለዚህ ሽንቱ የማያቃጥለውን የ14 ዓመት ልጅ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ኪኒን ሰጥቶ መሸኘት በጣም ያሳስበኛል። በሌላ በኩል የ28 ዓመት ሰው ላይ ቶርሽን አይከሰትም ማለት አይደለም። ይከሰታል።

ልጄ የሚለው «ሆዴን» ነው። ቆለጡን ማየት አለብኝ?

አዎ። የቆለጥ ሕመም ወደ ታችኛው ሆድና ወደ ብሽሽት ይሰማል። ልጁም ያፍራል። እናቱ ፊት፣ እህቱ ባለችበት ቤት «ቆለጤን» ከማለት «ሆዴን» ማለት ይቀለዋል። ድንገት ሆዱን ይዞ የሚያስመልስ ጎረምሳ ካለ አባት፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ለብቻው ወስዶ በግልጽ ይጠይቀው። ጤና ባለሙያውም ሆድ ብቻ ዳስሶ ማቆም የለበትም፤ ሱሪው ይውረድ። ከረጢቱ በአንድ በኩል ባዶ ከሆነ፣ ማለትም ቆለጡ ሳይወርድ ሆድ ውስጥ ወይም ብሽሽት ላይ የቀረ ከሆነ፣ እዚያው ሊጠማዘዝ ይችላልና ይህም ይታሰብ።

አንድ ምሳሌ ስጡን። በተግባር ምን ይመስላል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ የ15 ዓመት ልጅ እናስብ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በግራ በኩል በጀመረው ሕመም ከእንቅልፉ ነቃ። ሁለት ጊዜ አስመለሰ። እናቱ «አብሽር ልጄ፣ ሲነጋ ይሻልሃል» ብላ ትኩስ ነገር ሰጠችው። ሲነጋ አልተሻለውም።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር፤ ቆለጡን ለማትረፍ የተሻለው ጊዜ የመጀመሪያው ስድስት ሰዓት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት የጀመረ ሕመም ስድስት ሰዓት የሚሞላው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ደግሞ የተመላላሽ ሕክምና ወረፋ ገና መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። «ሲነጋ እንሄዳለን» ያለ ቤተሰብ ካርድ አውጥቶ ወረፋ ይዞ ሳለ ወርቃማው ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ ማታውኑ መነሳት ነው። ጠዋት የደረሰም ቢሆን ወደ ካርድ ክፍል ሳይሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ በር ላይ «ቆለጡን ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ነው የጀመረው» ብሎ ይናገር። ማፈር አያስፈልግም። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሰማ ነርስ ከሰልፉ ያወጣዋል።

ሐኪሙ ሲያየው የግራው ቆለጥ አብጧል፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ከቀኙ ይልቅ ወደ ላይ ተሰቅሏል። የጭኑን ውስጠኛ ክፍል ሲነካካው ቆለጡ አልተንቀሳቀሰም። ሐኪሞች እነዚህን ምልክቶች በነጥብ የሚደምሩበት መንገድ አላቸው። ለእብጠቱ 2፣ ለጥጥረቱ 2፣ ላልተንቀሳቀሰው 1፣ ለማቅለሽለሽ ወይም ለማስመለስ 1፣ ለተሰቀለው 1 ይሰጣል። ይህ ልጅ 7 ከ7 አመጣ። 5 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ ምንም ሌላ ምርመራ ሳይጠብቅ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት አለበት። አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ነጥብ የተሠራው ለልጆችና ለጎረምሶች ነው። ትልቅ ሰው ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ስለመጣ ብቻ «ቶርሽን አይደለም» አይባልም።

ከዚሁ ጋር ደሴ የሚኖር የ27 ዓመት ሾፌርን እናነጻጽር። ሦስት ቀን ሆኖታል። ሽንቱ ያቃጥለዋል፣ ጠዋት ፓንቱ ላይ ፈሳሽ አይቷል። ቆለጡ በቦታው ነው ያለው። የሚያመው ከቆለጡ ጀርባ ላይ ነው። የሽንት ምርመራው ነጭ የደም ሴል አሳየ። ይህ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሐኪሙ ሲመረምር ምን እየፈለገ ነው?

ጥሩ መርማሪ የሚጀምረው ከጤነኛው በኩል ነው። ልጁ አይደነግጥም፤ መርማሪውም የሚያወዳድርበት ነገር ያገኛል።

መጀመሪያ በዓይን ያያል። የታመመው ቆለጥ ከሌላው ከፍ ብሏል? ቁመቱን ይዞ ከመንጠልጠል ይልቅ አግድም ተጋድሟል? ሁለቱም ወደ ቶርሽን ያመለክታሉ። ገመዱ ሲጠማዘዝ ያጥራልና ቆለጡን ወደ ላይ ይስበዋል።

ከዚያ ያ የጭኑ ነገር ይመጣል። በጣት ወይም በእስክሪብቶ ክዳን የጭኑን ውስጠኛ ክፍል ቀስ ብሎ መጫር ነው። ጤነኛ ከሆነ በዚያው በኩል ያለው ቆለጥ ወዲያው ወደ ላይ ብድግ ይላል። በቶርሽን አብዛኛውን ጊዜ አይንቀሳቀስም፤ በኤፒዲዲማይተስ አብዛኛውን ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ዕቃ የማይጠይቅ፣ የትኛውም ጤና ኬላ የሚሠራ ምርመራ ነው። ነገር ግን ገደብ አለው። ሕፃናት ላይ ሳይታመሙም ላይኖር ይችላል። ቶርሽን ኖሮም ብድግ ያለበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ተንቀሳቅሷል» ተብሎ ብቻ ልጅ ወደ ቤት አይላክም።

ቀጥሎ ዳሰሳ ነው። ኤፒዲዲማይተስ ገና ሲጀምር የሚያመው ከኋላ ያለው ቱቦ ብቻ ነው፤ ከፊት ያለው ቆለጥ ለስላሳ ነው። በቶርሽን ግን ቆለጡ ሁሉ ያማል፣ ሁሉም ይጠጥራል። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ይህ ልዩነት ይጠፋል። በሁለቱም ሕመሞች ከረጢቱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ፊትና ኋላው የማይለይ አንድ እብጠት ይሆናል። ዘግይቶ የመጣን ሕመምተኛ በእጅ መለየት የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀረው የአጀማመሩ ታሪክ ነው።

«ቆለጡን ከፍ ሲያደርጉት ሕመሙ ከቀለለ ኢንፌክሽን ነው» የሚለውም ብዙ ጊዜ ይሰማል። እውነትነት አለው፣ ግን የሚያስተማምን አይደለም። በዚህ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ውሳኔ መስጠት አይገባም።

ከ7 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሦስተኛ ነገር አለ። ከቆለጡ አናት ላይ ያለች ትንሽ ቅጥያ ብቻዋን ትጠማዘዛለች። ሕመሙ አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ አንዳንዴ በቆዳው በኩል ሰማያዊ ነጥብ ትታያለች። ይህ በዕረፍትና በማስታገሻ ይድናል። እሷ መሆኗን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው።

አልትራሳውንድ ሳይታይ ኦፕራሲዮን ይደረጋል?

አዎ፣ ምልክቶቹ ግልጽ ከሆኑ። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይጨነቃል፤ «ሳይነሳ እንዴት ይቀደዳል?» ይላል።

የሚጠቅመው የደም ፍሰት የሚያሳየው ዶፕለር የሚባለው አልትራሳውንድ ነው። ተራው በቂ አይደለም። ዶፕለሩም ቢሆን ገና የጀመረ ወይም በከፊል የተጠማዘዘ ገመድ ላይ ደም ሲያልፍ ሊያሳይ ይችላል። እዚያው ድንገተኛ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ የሚገኝ ከሆነና ሐኪሙ ከተጠራጠረ ጥሩ ነው። ሌሊት ክፍት የሆነ የግል ምርመራ ቤት ፍለጋ በባጃጅ መዞር ግን ቆለጡን ያስከፍላል።

ነገሩን በኪሳራው መመዘን ነው። ቶርሽን ነው ተብሎ ተከፍቶ ኢንፌክሽን ሆኖ ቢገኝ፣ ልጁ ትንሽ ቁስልና ጠባሳ ይተርፈዋል። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ተሸኝቶ ቶርሽን ከነበረ ቆለጡን ያጣል። ሐኪሞች ሲጠራጠሩ ወደ መክፈቱ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው፤ ትክክልም ናቸው።

ስድስት ሰዓት የሚባለው ከየት መጣ? ካለፈስ?

የቆለጥ ሥጋ ያለ ደም ብዙ አይቆይም። በስድስት ሰዓት ውስጥ ገመዱ ከተፈታ ከአሥር ቆለጥ ዘጠኙና ከዚያም በላይ ይተርፋል። በ12 ሰዓት ግማሽ ያህሉ ነው። 24 ሰዓት ካለፈ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሆስፒታል ከደረሱበት ሳይሆን ሕመሙ ከጀመረበት ነው።

ካለፈም ግን ቤት መቀመጥ አይገባም። ገመዱ አንድ ዙር ብቻ ዞሮ ከሆነ ደም ትንሽ ትንሽ ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለት ዙር ከዞረ ቶሎ ይሞታል። አንዳንዱ ደግሞ ይጠማዘዛል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጠማዘዛል። የትኛው እንደሆነ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ላይ ሌላ ምክንያት አለ። በደንብ ያልተያያዘው ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የታመመውን ፈትቶ ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር በክር ሲያስረው፣ ጤነኛውንም አብሮ ያስረዋል። አንዱ ቢጠፋ እንኳ ሁለተኛው መትረፍ አለበት። በአንድ ጤነኛ ቆለጥ ልጅ መውለድ ይቻላል።

ወደየት እንሂድ? ምን ይዘን?

በዚያች ሌሊት ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሐኪምና ማደንዘዣ ባለሙያ ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ነው። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ይጠብቀዋል። ከመነሳት በፊት ስልክ መደወል፣ ወይም ጤና ጣቢያው እንዲደውል ማድረግ፣ ብዙ ይጠቅማል። ከኩታበር ወይም ከሐይቅ የሚመጣም እንደዚሁ። ሪፈር የሚጽፈው ባለሙያ መጀመሪያ ይደውል፣ ወረቀቱን መኪናው እስኪመጣ ይጻፍ።

ወረቀቱ ላይ የሰዓቱ ነገር ትኩረት ይፈልጋል። «3 ሰዓት ጀመረው» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ተቀባዩ ሐኪም በፈረንጅ ሰዓት ሊያነበው ይችላል፤ ስድስት ሰዓት የሚያህል ልዩነት ይፈጠራል። በዚህ ሕመም ስድስት ሰዓት ማለት የቆለጡ ዕድሜ ነው። «ሌሊት 9 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ነው።

ልጁ ሕመሙ ከጀመረው በኋላ ምንም አይብላ፣ አይጠጣ። ሻይም፣ ወተትም ቢሆን። ማደንዘዣ ሊወስድ ይችላልና። የማስታገሻ መርፌ ግን ቢወጋ ችግር የለውም፤ ሰውን በሕመም ማሰቃየት አያስፈልግም። ፈርሞ ፈቃድ መስጠት የሚችል ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮ ይሂድ። ወረቀቱ ላይ «ቆለጡ ሞቶ ከተገኘ ይወጣል» የሚል ይኖራል። እዚያ ላይ ቆሞ ለሽማግሌ ምክር መደዋወል ጊዜ ይበላልና መንገድ ላይ ሳሉ ተነጋገሩበት።

ሕመሙ በራሱ ለቀቀው። እንቅር?

አይሆንም። ሕመም በድንገት የሚለቀው ገመዱ በራሱ ሲፈታ ነው፤ ያ ከሆነ ሌላ ቀን ይመለሳል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ቀስ እያለ ሲደነዝዝ ደግሞ ቆለጡ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊትም ድንገት አሞት በደቂቃዎች የለቀቀው ልጅ ካለ፣ ሳይታመም በቀጠሮ ታይቶ ቆለጡ በክር ሊታሰርለት ይችላል።

ኳስ ሜዳ ላይ ተመቶ ነው። ቶርሽን ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ምቱ ሊያስጀምረው ይችላል፤ ወይም ሁሉም ሰው ምቱን እያሰበ ሌላውን ይረሳል። ተራ ምት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ካልበረደ ይታይ።

በእጅ መልሶ ማዞር ይቻላል?

የሠለጠነ ሐኪም ይሞክረዋል፤ በተለይ ኦፕራሲዮን የሚዘገይ ከሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ፣ ወደ ጭኑ አቅጣጫ ያዞረዋል። ሆኖም ከሦስት አንድ ገደማ የሚሆኑት የተጠማዘዙት በተቃራኒው ነው፤ የተሳሳተ አቅጣጫ ያጠብቀዋል። ቢሳካና ሕመሙ ቢጠፋም ኦፕራሲዮኑ አይቀርም። ቤት ውስጥ ማሸትም ሆነ ማዞር አይሞከር።

ኢንፌክሽን መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምናው ምንድን ነው?

እንደ መነሻው ይለያያል። ወጣትና የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያለው ሰው ከሆነ የሚጠረጠሩት ጨብጥና ክላሚዲያ ናቸው። የተለመደው ሕክምና አንድ ጊዜ የሚሰጥ የሴፍትሪያክሶን መርፌና ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ10 ቀን ነው። የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛውም አብራ ካልታከመች ሕመሙ ይመላለሳል። ፕሮስቴቱ ያበጠ ወይም ካቴተር የሚባል የሽንት ቱቦ የገባለት ትልቅ ሰው ላይ ግን መነሻው የሽንት ባክቴሪያ ስለሆነ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ከፋርማሲ በግምት ገዝቶ መዋጥ የማያዋጣው ለዚህ ነው። መተኛት፣ በጠበቅ ያለ ፓንት ቆለጡን ደግፎ መያዝና ማስታገሻ መውሰድ ያሳርፋል።

ሕመሙና ትኩሳቱ በሦስት ቀን ውስጥ መቀነስ አለበት። እብጠቱ ግን ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ያ ብቻውን አያስደነግጥም። በሦስት ቀን ምንም ለውጥ ከሌለ ተመልሶ መታየት ነው። መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ግምት ስህተት ሊሆንም ይችላል። መድኃኒት ጨርሶ፣ ሕመሙ ብዙም ሳይሆን እብጠቱ ጠጥሮ ከቀረ፣ ወይም በከረጢቱ ቆዳ ላይ ቁስል ተከፍቶ ፈሳሽ ማውጣት ከጀመረ ቲቢ መታሰብ አለበት። የቆለጡ ሥጋ ራሱ ላይ ደረቅ እጢ የሚዳሰስ ከሆነ ደግሞ ካንሰር አለመሆኑ በአልትራሳውንድ ይረጋገጥ። ለዚህኛው ቀጠሮ ይዞ፣ በቀን ቢኬድ ይደረሳል።